ከነድንጋዩ

ሥራ የሚለቅ ሰው ደብዳቤውን «ስለተደረገልኝ ሁሉ እያመሰገንኩ» ብሎ ይጀምራል። ምን እንደተደረገለት አይጽፍም፤ እጁ ላይ ምን እንዳለም አይጽፍም። ይኼ ያንገበግበኛል።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ሸሕዲ የሰሊጥ መጋዘን ንብረት ያዥ ነው። ረቂቁን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ሦስት መስመር ምስጋና፣ ከዚያ «ንብረት አስረክባለሁ»። የቱን? ለማን? መቼ? ሚዛኑን፣ ሁለቱን ቁልፎች፣ ያልተሠራበትን የደረሰኝ ጥራዝ ከነቁጥሩ፣ ተረካቢውንና ቀኑን አስጻፍኩት። መጨረሻ ላይ «1 የእጅ ባትሪ ከነድንጋዩ» መጣ።

ከነድንጋዩ! ሲረከብ እንዲህ ተብሎ ተፈርሟል። ባትሪው ቋሚ ዕቃ ነው፣ ድንጋዩ ግን አላቂ። ሸሕዲ ላይ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጥርስ ያረፈበትም አለ፤ ሁለት ሌሊት ካበራ ሞቷል። የሞተን ድንጋይ ማን ያስረክባል? መርማሪ ይጠራ? አማቴ የቤቷን ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በየትኛው ዓመት እንደተገዛ ትነግራለች፤ እሷን ምስክር ልናቆም አስበን ነበር። በመጨረሻ «ባትሪው ይመለሳል፣ ድንጋዩ በሥራ ላይ አልቋል» ብለን ጻፍን።

አለቃው ደግሞ «በጥቅምት ሰሊጥ እየታጨደ ትለቃለህ?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ሰሊጥ ራሱ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይረግፋል። ሰው ግን በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። መስከረም 30 ሰጠ፤ ቆጠራው ከማግስቱ የሥራ ቀን ጀምሮ ጥቅምት 30 አለቀ።

ቀጥሎ የመጣው ግን አያስቅም። «ክሊራንስ ሳያልቅ ብር የለም» አሉት፤ ያላለቀውም ድንጋዩ ነው! ሕጉ ደመወዝና ሌላ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈል ይላል። ጊዜው የሚራዘመው ሠራተኛው ራሱ ንብረት መመለስ ሲያዘገይ ነው። ስለዚህ ያዘገየው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ያ ዝርዝርና የተረካቢው ፊርማ ነው። በሂሳቡ ላይ ክርክር ቢኖር እንኳ ያላከራከረው ይከፈላል፤ የጥቅምት ደመወዙና ያልወሰደው የ8 ቀን የዓመት ፈቃድ ክፍያ ከድንጋይ ጋር ምን አገናኛቸው? አሠሪ ከአቅሙ በላይ ባልሆነ ምክንያት ቢያዘገይ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊቀጣ ይችላል። የሰው ልጅ ደመወዝ በሞተ ድንጋይ የሚታገተው በየትኛው አገር ነው?

ተቆጣሁ መሰለኝ። ልጁ ግን ረጋ ብሎ የደብዳቤውን ቅጂ አወጣ፤ «ደርሶናል» ተብሎ ተፈርሞበታል። አለቃውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠራተኛ ጥሎባቸው የሄደ ሚዛን ስንት ነው! ነገ ተመለስ ብለውታል። ነገ ግን ቅዳሜ ነው፤ ቢሮ የሚገኝ ሰው የለም። እኔ እስከዚያው አዲሱ ንብረት ያዥ ባትሪውን ሲረከብ በምን ቃል እንደፈረመ ማጣራት አለብኝ።