እባክዎ ስምዎን ያስገቡ

እያደገ ያለው ድርጅት ድረ ገጹ ላይ «ከእኛ ጋር ይሥሩ» የሚል ገጽ ከፈተ። እሰየው! የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገት አስግጎ መገልበጥ ቀረ። አመልካቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የተመረቀበትን ዓመት (በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የመገመት መብቱ የተጠበቀ ነው) ይሞላል። ከዚያ ዲግሪውን፣ የውጤት ማስረጃውንና የሥራ ልምዱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያያይዛል። ሦስቱ አንድ ላይ 12 ሜጋባይት ይመዝናሉ። «ላክ» የሚለውን ይጫናል። ገጹም በትሕትና ይመልሳል፦ «እባክዎ ስምዎን ያስገቡ።»

ያስገባል። አሁንም ስም ይጠየቃል።

ክፋት የለበትም። ገጹ የተሠራበት ፒኤችፒ እንደመጣ ከተተወ `upload_max_filesize` ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ `post_max_size` ደግሞ ለመላው ቅጽ 8 ሜጋባይት ይፈቅዳል። ከ8 ያለፈ ቅጽ ሲመጣ ፎቶዎቹን ብቻ አይደለም የሚጥለው፤ ስሙንም፣ አባቱንም፣ አያቱንም አብሮ ነው። ኮዱ እጅ የሚደርሰው ባዶ ቅጽ ነው፤ ባዶ ቅጽ የደረሰው ደግሞ ስም ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሁለቱን ቁጥሮች ከፍ ማድረግና የፋይሉን መጠን ከመላኩ በፊት እዚያው ስልኩ ላይ መፈተሽ ይበቃ ነበር። ግን ባለሙያው ሲሞክረው ያያያዘው አንዲት ባዶ ፒዲኤፍ ስለነበረች ግሩም ሠርቷል፤ ርክክቡም ተፈርሟል።

የሰው ኃይል ክፍሉ አመልካች ጠፋ ብሎ ማስታወቂያውን አራዝሟል። አንድ መስፈርትም ጨምሯል፦ «መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ ያለው/ያላት»።