ሦስት መቶ አባወራ በአንድ የቤት ቁጥር

ድሮ አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ቲኬቴን ቀዶ ያስገባኛል እንጂ «ከየት ሰፈር መጣህ?» ብሎኝ አያውቅም። ዘንድሮ ገንዘብ ተከፍሎም ሰፈር ይጠየቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ከርሜ አንድ ተከታታይ ፊልም ጀምሬ ነበር። ሴትየዋ የሟች አባቷን ደብዳቤ ይዛ ወንድሟ በር ላይ እንደቆመች አዲስ አበባ ተመለስኩ። እዚህ ብከፍተው ፊልሙ ከነስሙ የለም! የልጅ ልጄ እንዳስረዳኝ፣ የፊልም ባለቤት የማሳየት መብቱን የሚሸጠው በየአገሩ ለየብቻ ነው፤ የአሜሪካው ተገዝቷል፣ የእኛው አልተገዛም። አሳላፊው ኩባንያም ውሉን ለማክበር በሩን መጠበቅ አለበት።

ልጁ ቪፒኤን ጫነልኝና ኒውዮርክ ባለ ሰርቨር በኩል ወጣሁ። ሁለት ምሽት በሰላም አየሁ። በሦስተኛው ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ «ቪፒኤን የሚጠቀሙ ይመስላል፤ ያጥፉት» አለኝ።

«ማን ነገረብኝ?»

«አባባ፣ የተያዘው አድራሻው ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

ለካስ የቪፒኤን ድርጅት ለየደንበኛው አድራሻ አይሰጥም። የድሮው ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ አልቆ ዋጋው ንሯል። ስለዚህ ስንቱን ሰው በአንድ አድራሻ ያጭቁታል። በአንድ የቀበሌ ቤት ቁጥር ሦስት መቶ አባወራ ቢመዘገብ የትኛው ሊቀ መንበር ዝም ይላል?

«የእኛስ ሞባይል?» አልኩት። እሱም ብዙ ሰው ባንድ አድራሻ እንደሚያወጣ አመነ። ስለዚህ ፊልም አሳላፊዎቹ በብዛት ብቻ አይፈርዱም፤ አድራሻው በማን ስም እንደተመዘገበም ያያሉ። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። የቴሌ ከሆነ ሰው ይኖርበታል፤ ሰርቨር የሚያከራይ ድርጅት ከሆነ ግን መጋዘን ነው፣ መጋዘን ውስጥ ጋደም ብሎ ፊልም የሚያይ የለም። ተጨማሪ ከፍዬ የግሌን አድራሻ ልከራይ ብልም ያው የመጋዘኑ ስም ይከተለኛል።

የጎረቤት ኃጢአትም አለ። ከእኔ ጋር ያን አድራሻ የሚጋራ አንድ ወሮበላ የሰው የይለፍ ቃል ሲሞክር ያድራል፤ ጠዋት እኔ ጋዜጣ ልከፍት ስል «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ተብዬ የትራፊክ መብራት እለቅማለሁ። በ74 ዓመቴ!

ሰርቨር ቀይረን በቺካጎ ገባን። እስከ ሐሙስ ሠራ፤ ደብዳቤው ግን ገና በሴትየዋ እጅ ነበር። የቪፒኤኑ ድርጅት አዲስ አድራሻ ይከራያል፣ አሳላፊዎቹ ደግሞ ይደርሱበታል፤ በመሀል የምንገላታው እኛ። አሁን በቪፒኤን የሚከፈቱልኝ አሳላፊው ኩባንያ ለመላው ዓለም መብታቸውን የያዘላቸው ፊልሞች ብቻ ናቸው፤ የእኔዋ ሴትዮ ከነሱ ውስጥ የለችም።

እባካችሁ፣ ሰባተኛውን ክፍል ያያችሁ ካላችሁ፣ ደብዳቤውን ለወንድሟ ሰጠችው?