ሁለት ሲኒ ዘይት

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ከመስከረም እስከ ጥር ከ98 ኪሎ ወደ 89 ወርዶ ከረመ። ያየው ሐበሻ ሁሉ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ሲለው በደስታ ያብጥ ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሥጋና ቅቤ ከማዕድ ሲነሣ ቀሪው ኪሎ ሳይገፉት ይወርዳል ብሎ ጠበቀ። ሚዛኑ ግን 89 ላይ ችክ አለ።

አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ወዳጄ ሚዛኑን ከምንጣፍ ወደ ሰድር፣ ከሰድር ወደ ኮሪደር አዛወረ። ከማተቡ በቀር ሁሉን አውልቆ ወጣበት። ባትሪ ቀየረለት። በመጨረሻ ጥፋቱን በሚኒሶታ ብርድና በሰው ዐይን ላይ አላከከው፤ «ከነገ ጀምሮ በቀን አንድ እንጀራ ብቻ!» ብሎም ፎከረ።

ያኔ ነው የተመራማሪውን የአንሴል ኪስን ታሪክ የነገርኩት። እኛው ከተማ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር በነበረው ቤተ ሙከራ ኪስ እ.ኤ.አ. በ1945 በሕሊናቸው ምክንያት አንዘምትም ያሉ 36 ወጣቶችን ምግብ በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። ድንች፣ ዳቦና መኮሮኒ እየበሉ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ይራመዱ ነበር። በ24 ሳምንት ከክብደታቸው ሩቡን ያህል ቢያጡም፣ ወደ መጨረሻው ሚዛኑ መውረዱን ሊያቆም ምንም አልቀረው። አንደኛ፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይል ወደ 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ሁለተኛ፣ እግራቸው ውኃ ቋጥሮ ስላበጠ የከሳው ሥጋ ሚዛን ላይ አይታይም ነበር። ልጆቹም የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልቦለድ ማንበብ ጀምረው ነበር።

«ስለዚህ» አልኩት፣ «ከመራብህ በፊት እንመርምር። የቆመው ስቡ ነው ወይስ ውኃ እየሸፈነው?»

ጨው የበዛበት ሽሮና አንድ የማኅበር ድግስ ብቻ በማግሥቱ አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ሊጭኑ ይችላሉ፤ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሰሞን እንዲሁ። ስለዚህ የአንድ ቀን ቁጥር ምስክር አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ ይመዘናል፣ ይጻፋል፣ የሳምንቱ አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ይተያያል፤ ወገብም እምብርት ላይ በሜትር ይለካል። አማካዩ ቆሞ ወገቡ ከጠበበ፣ ታግሦ መቀጠል ነው። የወዳጄ አራት ሳምንት ግን 89.1፣ 89.2፣ 89.0፣ 89.1 ሆነ፤ ወገቡም ንቅንቅ አላለም። ውኃው ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ወደ ኩሽና ገባን። የሚበላውን የሚጽፍበት ደብተር አለው፤ «ሽሮ፣ አንድ ጭልፋ» ይላል፣ «ዘይት፣ ጠብ»። ጠብ ስንት ነው? «እንደ ሁልጊዜህ ሥራ» ብዬ ትንሹን የኩሽና ሚዛን ከድስቱ ሥር አኖርኩ። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ሳለ ወዳጄ በሲኒ አንድ ጊዜ ጨመረ፤ ሽሮው ሳይንተከተክም «እንዳይደርቅ» ብሎ ደገመ። እያንዳንዱ ሲኒ 60 ግራም፣ ማለትም 530 ካሎሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ድስቱን በሁለት ቀን ብቻውን ስለሚጨርሰው፣ ጠብ ያላት ነገር በየቀኑ 530 ካሎሪ ነበረች። በፍስኩ ሰሞን ቀይ ሥጋ በትንሽ ዘይት ጠብሶ ይበላ ነበር፤ ጾሙ የሥጋውን ቦታ ለዘይት ሰጠው።

«በመስከረምም እኮ እንዲሁ እበላ ነበር፣ ያኔ ለምን ወረደ?» አለኝ። ያኔ 98 ኪሎ ነበር፤ 9 ኪሎ የቀለለ ሰው ያንኑ ኑሮ ሲኖር በቀን በግምት ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ያነሰ ያቃጥላል። በመስከረም ደግሞ ሐይቅ ዳር ይራመድ ነበር፤ በየካቲት ከታክሲው የሚወርደው ሻንጣ ለማውረድ ብቻ ነው። ወጪው ሲቀንስ ገቢው ከፍ አለ፤ ሁለቱ ተገናኙ፣ ሚዛኑም ቆመ።

አንድ እንጀራ የሚለው ፉከራ ቀረ። አንዱ ሲኒ ዘይት ተነሣ፤ ይህ በቀን 265 ካሎሪ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ በወር አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ሽሮው ውኃ ትንሽ ጨመር ተደርጎለት በቀስታ ሲንተከተክ ልዩነቱን እንግዳ እንኳ አላወቀውም። ለእግሩ ደግሞ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት መኻል ከተማ ያለውን ስካይዌይ መረጠ፤ በመስተዋት የተከለለ፣ ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኝ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን መተላለፊያ ነው፣ ብርድ አይገባውም።

በሁለተኛው ሳምንት አማካዩ አልተነቃነቀም፤ ወዳጄም ዐይን በላኝ ማለት ጀምሮ ነበር። በአራተኛው 88.2 ሆነ።

እናንተም ሚዛኑ ሲቆምባችሁ፣ ምግባችሁን በግማሽ ከመቁረጣችሁ በፊት የአራት ሳምንት አማካይ ያዙ፣ ከዚያ ዘይቱን በሚዛን ለኩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ግን ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።