ለቅሶ በኢሜይል

የሎንዶኗ ባልደረባችን እናት የሞቱት ቅዳሜ ነው። እኛ የሰማነው ሰኞ ጠዋት፣ ራሷ በላከችው የሁለት መስመር ኢሜይል ነበር። እናቷ ቅዳሜ መሞታቸውንና ለጥቂት ሳምንታት ሥራ እንደማትገባ ይናገራል፤ ሌላ ነገር የለውም።

እዚህ አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ሥራውን አቋርጠን፣ በቢሮው መኪና ተሳፍረን ለቅሶ እንደርሳለን። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ መቀመጥ በቂ ነው፤ ብዙ እንዲናገር የሚጠበቅበት ሰው የለም። ሎንዶን ግን እንዲህ አይደረስም። ያለን ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ በጽሑፍ ደግሞ አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

ከሁላችን ቀድሞ የጻፈላት ሒሳብ ክፍል ያለው ወንድማችን ነው። በየሳምንቱ አብሯት የሚሠራው እሱ ስለሆነ ከሁላችን ይልቅ ነገሩ ጎድቶታል። አዲስ ደብዳቤ አልከፈተም፤ ዓርብ ዕለት ሲጻጻፉበት የነበረው ላይ መልስ ብሎ ጻፈና ላከው። ርእሱ አብሮ ሄደ፦ «አስቸኳይ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ» ይላል። በዚያ ደብዳቤ ላይ በግልባጭ የነበሩት የሁለቱም ቢሮ ሰዎችም ደረሳቸው። «እስቲ እንግሊዝኛውን እይልኝ» ብሎ ሲጠራኝ ሄዶ አልቋል።

ጽሑፉን ቆሜ አነበብኩት። ረጅም ነው፤ ከልብ የመጣ መሆኑም ያስታውቃል። መሞት የሚለው ቃል ከብዶት «ፓስድ አዌይ» ለማለት ፈልጎ «ፓስድ አውት» ብሏል፤ ይህ ራስን ስቶ መውደቅ ነው። እሷ ግን በራሷ ደብዳቤ «ዳይድ» ብላ በግልጽ ጽፋለች። ሐዘንተኛዋ የመረጠችው ቃል እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ እሷ «ፓስድ አዌይ» ብትል ኖሮ እኛም እሱኑ እንከተል ነበር።

ዝቅ ብሎ «ምን አግኝቷቸው ነው?» ሲል ጠይቋል። ለቅሶ ቤት ይህ ጥያቄ ትልቅ ደግነት ነው፤ ሐዘንተኛው ሲተርክ ይወጣለታል፣ ሰሚው አብሮት ያለቅሳል። በኢሜይል ሲመጣ ግን እናቷን ገና ያልቀበረች ሴት የበሽታ ታሪክ ጽፋ እንድትመልስ መጠየቅ ይሆናል።

ገና ያልቀበረች ያልኩት በምክንያት ነው። ከሁሉ የጎዳኝ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «አይ ሆፕ ዘ ፊውነራል ዌንት ዌል»። ቀብሩ በደኅና እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ ማለቱ ነው። በእኛ ልማድ ቅዳሜ የሞተ ሰው ቢዘገይ እሑድ ይቀበራል፤ ሰኞ ላይ ቀብሩን ባለፈ ጊዜ መናገር ትክክል ነው። እንግሊዝ አገር ግን ከሞት እስከ ቀብር ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሞቱ መመዝገብ አለበት፤ የቀብር አስፈጻሚዎቹ ቀን ይሰጣሉ፤ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል። የቀብሩ ቀን እንኳ ባልተቆረጠበት ሰዓት ላይ እኛ ቀብረን ጨርሰናል።

አለቃችን በቢሮው ስም ሌላ አጭር መልእክት እንድጽፍ ነገሩኝ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሰዎች ጠረጴዛዬን ከበቡት። የመጀመሪያው ክርክር ስለ ይቅርታ ነበር። ሒሳብ ክፍሉ ወንድማችን ስሕተቱን አንድ በአንድ እንድናብራራላት ፈለገ፤ ፊቱ በላብ ርሷል፣ አሳዘነኝ። ሾፌራችን ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ እሷ ታጽናናን እንዴ?» አሉት። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ይቅርታ ብንጠይቃት «ግድ የለም፣ አትጨነቁ» ብላ መመለስ ይኖርባታል፤ በዚያ ሳምንት ይህን ሥራ ልንሰጣት አይገባም። ስለ መጀመሪያው ሳናነሣ፣ በአዲስ ደብዳቤ፣ ስሟን ብቻ ርእስ አድርገን እንድንጽፍ ተስማማን።

የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ዊ ዌር ሶ ሶሪ ቱ ሂር ዛት ዮር ማዘር ዳይድ። ዊ ኔቨር ሜት ኸር፣ በት ዊ ሪሜምበር ዋት ዩ ቶልድ አስ አባውት ኸር ጋርደን። ዊ አር ቲንኪንግ ኦቭ ዩ ኤንድ ዮር ፋሚሊ። ዊ አር ሉኪንግ አፍተር ዘ ኳርተርሊ ሪፖርት፣ ሶ ፕሊዝ ዶንት ዎሪ አባውት ኢት። ዜር ኢዝ ኖ ኒድ ቱ ሪፕላይ።»

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። አንዷ ባልደረባችን «ዊ ሃቭ ኔቨር ሜት ኸር» እንዲሆን ፈለገች፤ አማርኛው ለሁለቱም «አግኝተናቸው አናውቅም» ስለሚል ልዩነቱ አልታያትም። እንግሊዝኛው «ሃቭ ኔቨር ሜት» ሲል ግን በሩን ክፍት ይተዋል፤ እስካሁን አልተገናኘንም፣ ወደፊት ግን እንገናኝ ይሆናል እንደማለት ነው። ስለሚኖር ሰው የሚባል ነው። «ኔቨር ሜት» ሲል ጊዜው እንዳበቃ ዐውቆ ይናገራል። ሐዘንተኛ ይህን ሰዋስው ብሎ አትመረምረውም፤ ግን እናቷ በሕይወት እንዳሉ ተደርጎ የተጻፈ ነገር ስታነብ ሆዷን ይወጋታል።

ያለፈው ጊዜ ግን የሟች ብቻ ነው። ከሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ሁሉም ወደ አሁን ይመጣል፦ እናስብሻለን፣ ሪፖርቱን እየሠራን ነው። በመጀመሪያው ንድፍ «ሎቭድ» የሚል ነበረበት፤ እናትሽን ምን ያህል ትወጃቸው እንደነበር እናውቃለን የሚል። አወጣሁት። እሳቸው ሞቱ እንጂ የእሷ ፍቅር አልሞተም፤ በእሷ ስም ያለፈ ነገር አድርጌ መጻፍ አልፈለግሁም። የሒሳብ ሹሟ እናትየዋ በሰማይ እንዳሉ እንድጽፍ ለመነችኝ። የምታምንበት ነውና ከልቧ ነበር። ቤተሰቡ ምን እንደሚያምን ግን ማናችንም ስለማናውቅ ተውነው።

«የምንረዳሽ ነገር ካለ ንገሪን» የሚለውንም አልጻፍኩም። ደግ ቃል ነው፤ ግን አስባ፣ መርጣ፣ እንድትጠይቅ ይተዋታል። እኛ ልንረዳ የምንችለው አንድ ነገር ሪፖርቱ ነበር፤ ይዘነዋል ማለት ይሻላል። ሒሳብ ክፍሉ ወንድማችን የእሷን ድርሻ ወስዶ እስከ ምሽት እየቆየ ሠራው።

በሦስተኛው ቀን፣ መልስ አያስፈልግም ብለን ሳለን፣ ጻፈችልን። ቀብሩ በሁለት ሳምንት እንደሚሆንና ከእናቷ ግቢ አበባ ቆርጠው እንደሚወስዱ ነገረችን። ስለ መጀመሪያው ደብዳቤ አላነሣችም።

እኛ ጋ ሠልስትና አርባ ሰው መልሶ እንዲጠይቅ ያደርጋሉ። በኢሜይል ግን የሚያስታውስ ስለሌለ ከቀብሩ በኋላ ዝምታ ይሆናል። ስለዚህ ጋሼ አርባውን ቆጥረው አሳሰቡንና ሁለተኛ መልእክት ላክን። ይህን የጻፈው ሒሳብ ክፍሉ ወንድማችን ነው፤ አንድ መስመር ብቻ፦ «ዊ ሃቭ ቢን ቲንኪንግ ኦቭ ዩ»። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስካሁን እያሰብንሽ ነው እንደማለት። «ሃቭ» እዚህ ላይ ትክክል ነበር፤ አንድ ፊደል ሳልነካ አሳለፍኩለት።