አፍንጫ የነገረው መልስ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ያሳደገውን ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ የሚፈትነው ብርዱ ነው። ጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገብቶ ይወሰድ ሲባል፣ የእህቴ ልጅም የእናቱን ጋቢ ጠቅልሎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወጣ። ሞባይል ይዞ መግባት ክልክል ነው። የቀረው ተስፋ አብሮ አደግ ጎበዝ ጓደኛው ብቻ ነበር።

ማታ ዶርም ውስጥ ተጠግቶ፣ «ጆሮህን ከነካህ ኤ፣ አፍንጫህን ቢ፣ አገጭህን ሲ፣ ግንባርህን ዲ» አለው።

«የወረቀቱ ኮድ ይለያያል እኮ! የኔ 17ኛ ያንተ 17ኛ አይደለም።»

ጎበዝ ተማሪ «ምንም አላጠናሁም» እያለ ሲያጠና የሚያድር ፍጡር ነውና፣ የኮዱንም ነገር ከንፍገት ቆጥሮት ተኛ።

በነጋታው ሒሳብ። ጓደኛው ሁለት ወንበር ቀደም ብሎ ተቀምጧል። የይፋት ልጅ ዓይን ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ማማ ላይ ቆሞ ከማሽላው ማዶ የምታርፈውን ወፍ ለይቶ በወንጭፍ ሲያባርር የኖረ ነው። 17ኛው ጥያቄ የሎጋሪዝም ነበር፤ 2 በስንት ፓወር 32 ይሆናል ነው ነገሩ። በጣቱ ቆጠረ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። አምስት! ሲን አጠቆረ። ቀና ሲል ጓደኛው አፍንጫውን ነካ።

ሲን በላጲስ ፈግፍጎ ቢን አጠቆረ። 18ኛው ላይም አፍንጫ። 19ኛው ላይም አፍንጫ። «ፈተናውን ያወጣው ሰው ቢ ይወዳል» ብሎ ተደነቀ እንጂ አልጠረጠረም። ፈታኙ ሲጠጋ አንገቱን ይደፋል፤ ሲርቅ ማማው ላይ ይወጣል። እንዲህ እያለ ስምንት መልስ አስተካከለ።

ፈተናው አልቆ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ «አፍንጫህ ይባረክ» አለው።

«የምን አፍንጫ? ጉንፋኑ ሊገድለኝ ነበር። መሐረብ እንኳ አልያዝኩም።»

«17ኛውስ?»

«ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ሁለቴም አንበሳ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው የሚለው? አንድ አራተኛ።»

የእህቴ ልጅ ፈገግ አለ፤ ማሽላ እያረረ ይስቃል። የአንድ አራተኛውን ነገር እሱም በተግባር ፈትኖታል። ምርጫው አራት ከሆነ፣ ጥያቄውን ጭራሽ ሳያነብ ያጠቆረም በአማካይ ከአራት አንዱን ያገኛል። በሌላ ኮድ የኮረጀም ከዚህ አይበልጥም። የሱ ኪሳራ ግን ከዚህም ይብሳል፤ ዕጣ የጣለው አውቆ የሠራውን እየፋቀ ነው።

ውጤቱ ጥር ላይ ሲወጣ፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ባለጉንፋኑ አለበት፤ የኛው የለበትም።

«ምን ጣለህ ልጄ?» አለችው እናቱ።

«ብርዱ።»

አልዋሸም።