ስኪ የማያውቅ በረዶ አይይ?

«ስኪ ትችላላችሁ?» አለችኝ ጉዞ የምታዘጋጀው ልጅ፣ በስልክ። አንችልም። «ታዲያ እዚያ ምን ልትሠሩ ነው?»

ዙሪክ እየኖርኩ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ዘንድሮ ግን ለእናቴ «ለገና ነይ፣ በረዶ አሳይሻለሁ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እሷም «በረዶማ እዚህ መች ጠፋ? ባለፈው ሐምሌ ጎመኔን ወንፊት አደረገብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ማሳ አውድሞ የሚሄድ ነው፤ ከፍሎ ሊያየው የሚጓዝ ጤነኛ የለም። «የዚህኛው ድምፅ የለውም፣ የተነደፈ ጥጥ ነው የሚመስለው» ብላት፣ «እሱማ አመዳይ ነው!» ብላ አረመችኝ። መጽሐፍ ቅዱሱም አመዳይ ነው የሚለው። ታዲያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውንም፣ ጎመን የሚበሳውንም፣ አልፕስ ላይ የተኛውንም በአንድ ስም በረዶ ያልነው ምን ቸግሮን ነው? «ውርጭ ደግሞ ሌላ ነው» ስትለኝ የምፈልገውን ሆቴል ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

ጉዞ አዘጋጇ ያቀረበችልን ሆቴል ዋጋ ውስጥ ለአምስታችንም የስድስት ቀን የስኪ ማለፊያ ተደምሯል። ይቀነስልን ብል «ጥቅል ነው» ተባልኩ። ደሜ ፈላ። የእናቴ ጉልበት የቤቷን ደረጃ እንኳ አይወድም፤ ለማትረግጠው ቁልቁለት ስለምን ትከፍላለች? ሰማይ ለሁሉ ያወረደውን ማን ነው ለስኪ ለባሽ ብቻ የመራው? ጾመኛን የቁርጥ ሒሳብ ማስከፈል ይሉሃል ይሄ ነው!

ደግሞስ ለእኛ የሚሆን ቦታ አለ እኮ። ከፕሬዳ እስከ ቤርጉን ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር የአልቡላ መንገድ፣ ብርድ ሲገባ ለመኪና ይዘጋና የእንጨት መንሸራተቻ መውረጃ ይሆናል። ልጆቹ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል እየጮሁ ይወርዳሉ፤ ታች ሲደርሱ ባቡሩ መልሶ ያወጣቸዋል። እናቴ ከባቡሩ አትወርድም። ከዚያ ወደ ቤርኒና ብንቀጥል 2,253 ሜትር ላይ ትደርሳለች፣ አንድ እርምጃ ሳትራመድ። ሰው ሁሉ የሚሻማበት ባለትልቅ መስታወቱ ባቡር የቦታ ማስያዣ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ መስኮቱም አይከፈትም። ተራው ባቡር በዚያው ሐዲድ ነው የሚሄደው፤ ዕድል ከቀናም መስኮቱ የሚከፈት ፉርጎ ይገኛል።

ከፍታው ላይ ግን አልደራደርም። አንድ ዓመት በፎቶ ተታልለን 600 ሜትር ላይ ያለ መንደር ገባን። ፎቶው የየካቲት ነበር፤ እኛ በታኅሣሥ ያገኘነው ዝናብና ጭቃ ነው፣ ልጆቹም ሳምንቱን ካርታ ሲጫወቱ ከረሙ። ቤርጉን 1,370 ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ቢሆን በረዶው በቂ ካልሆነ መንሸራተቻውን አይከፍቱትም።

እስካሁን ቦታ አልያዝኩም። ትናንት እናቴ ደወለች፤ ስለ ጉዞው መስሎኝ ነበር። ለካስ የነፍስ አባቷን ጠይቃ፣ አመዳይና ውርጭ አንድ ናቸው ብለዋት አልተዋጠላትም።