ሳይመቱት የሚወዛወዝ

የዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ፈተና ያረመ መምህር ሁሉ ይህን ጉደኛ ዕቃ ያውቀዋል፤ ማንም ሳይነካው የሚወዛወዘውን።

ጥያቄው ቀላል ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ጥንካሬው በሜትር 4 ኒውተን ከሆነ ስፕሪንግ ጋር ታስሮ፣ ሰበቃ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ልክ በ3ኛው ሰከንድ በመዶሻ አንዴ ኳ ይደረግና 0.2 ኒውተን ሰከንድ ኢምፐልስ ይቀምሳል።

x'' + 4x = 0.2 δ(t − 3)

እስከዚህ ተማሪያችን ጀግና ነው። መነሻው ሁሉ ዜሮ ስለሆነ በላፕላስ ትራንስፎርም ግራው (s² + 4)X ይሆንለታል፤ ያ አስፈሪ ዴልታም e^(−3s) ሆኖ ቁጭ ይላል።

X = 0.2 e^(−3s) / (s² + 4)

ከሰንጠረዡ ላይ 0.1 sin 2t ያገኛል። e^(−3s) ሁለት ነገር ያዘዋል፦ t በነበረበት t − 3 እንዲያስገባ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ከ3ኛው ሰከንድ በፊት ዜሮ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ የሚሆነውን u(t − 3) እንዲያቆም። ተማሪያችን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ብቻ ይፈጽምና x = 0.1 sin 2(t − 3) ብሎ በኩራት ሁለቴ ያሰምርበታል።

እስቲ t = 0 እናስገባበት። ዕቃው 2.8 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሏል! መዶሻው ገና አልተነሳም፤ እሱ ግን ጥፊ ሳያርፍበት ጉንጩን እንደሚይዝ ልጅ ሆኗል።

ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ይብሳል። እሱ u(t − 3)ን አልረሳም፤ sin 2tን ግን እንዳለ ትቶታል። በእሱ መልስ ዕቃው 3 ሰከንድ በጨዋነት ይቆይና በድንገት 2.8 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተሰውሮ ይገኛል። ምት ፍጥነትን እንጂ ቦታን በቅጽበት አይቀይርም። ትክክለኛው መልስ 0.1 u(t − 3) sin 2(t − 3) ነው፤ በ3ኛው ሰከንድ ቦታው ዜሮ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ፍጥነቱ ግን ከዜሮ ወደ 0.2 ሜትር በሰከንድ ይዘላል። ይህንን ለማጣራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ማን ያጣራል?

መምህራኑም ንጹሕ አይደሉም። ዴልታ ከወደዱ ወዲያ በእጅ ቀስ ብሎ የተገፋውንም ዴልታ ይሉታል። ዕቃው አንዴ ተወዛውዞ ለመመለስ 3.14 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የመዶሻ ንክኪ ከዚያ ጋር ሲተያይ ከቁጥር ስለማይገባ ዴልታ ያምርበታል። ያንኑ 0.2 ኢምፐልስ በእኩል ኃይል ለአንድ ሰከንድ ሙሉ ብታካፍሉት ግን ውዝዋዜው ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 8.4 ይወርዳል። አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም π ሰከንድ፣ እየገፋችሁ ከቆያችሁማ እጃችሁን ስታነሱ ዕቃው መነሻው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።